ኮምጣጤ፣ በረኪና እና ያልታየ ቪዲዮ

ድሬዳዋ ውስጥ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ያለው ሰው ሁሉ ነጩን ቅርፊት ያውቀዋል። የከተማዋ ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ የሚመጣ የከርሰ ምድር ውሃ በመሆኑ ካልሲየም ይበዛበታል። ውሃው ሲፈላ ይህ ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ ከማንቆርቆሪያው ሥር ይጋገራል። «እንዴት ነው የማስለቅቀው?» የሚል ጥያቄ በሰፈር ቴሌግራም ሲነሳ አንዱ የቪዲዮ ሊንክ ይለጥፋል። ዳታ ያለቀበት «ምን ይላል? ባጭሩ ጻፉልን» ይላል። ሌላው ደግሞ ቪዲዮውን ሳይከፍት ርዕሱንና ከሥሩ ያለውን መግለጫ አንብቦ አራት መስመር ማጠቃለያ ይጽፋል። ደግ አስቦ ነው የጻፈው፣ ነገር ግን እነዚያ አራት መስመሮች ሰው ሊጎዱ ይችላሉ። እንዴት እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንየው። ቪዲዮውን ለማብራሪያ ብለን ያሰናዳነው ነው፤ እንዲህ ያለ አሠራር ግን በየቀኑ የሚታይ ነው።

ርዕሱ እንዲህ ይላል እንበል፦ «ኮምጣጤ + በረኪና! የማንቆርቆሪያ ነጭ ቅርፊት በ10 ደቂቃ ይለቃል?» ከሥሩ ያለው መግለጫ ደግሞ፦ «በዚህ ቪዲዮ የድሬን ውሃ ቅርፊት እንዴት እንደምናስለቅቅ እናሳያችኋለን። የተጠቀምንባቸው፦ ኮምጣጤ፣ በረኪና፣ ውሃ፣ ሎሚ፣ ስፖንጅ። ለሌሎች የጽዳት ቪዲዮዎች ሰብስክራይብ ያድርጉ። ለልብስ ማጽጃ፣ ለምንጣፍ፣ ለመታጠቢያ ቤት የሠራናቸውን ከታች ያገኛሉ።» ከዚያ ሊንኮችና ሃሽታጎች ይከተላሉ።

ይህን ብቻ ያነበበ ሰው የሚጽፈው ማጠቃለያ ይህን ይመስላል፦ «ቪዲዮው ኮምጣጤና በረኪናን ቀላቅሎ በ10 ደቂቃ ውስጥ የማንቆርቆሪያ ቅርፊት ማስለቀቅ እንደሚቻል ያሳያል። ሎሚ ሽታውን ለማጥፋት ይጨመራል። በመጨረሻ በስፖንጅ አሽቶ በንጹሕ ውሃ ማጠብ ነው።» አጭርና ግልጽ ነው፤ የተሳሳተ ነገር ያለበትም አይመስልም።

አሁን የ12 ደቂቃውን ቪዲዮ እንክፈተው። የመጀመሪያው ሁለት ደቂቃ ሰላምታና የተጋገረ ማንቆርቆሪያ ማሳያ ነው። ከ2:10 ጀምሮ ባለሙያዋ «ብዙ ሰው ኮምጣጤና በረኪና አንድ ላይ ያደርጋል» ትልና ወደ ሙከራ ትገባለች። 3:00 ላይ ከማንቆርቆሪያ የተላጠ ቅርፊት ወስዳ በረኪና ብቻ ትጨምርበታለች፤ ምንም አይሆንም። ሌላ ቁራጭ ላይ ኮምጣጤ ስትጨምር አረፋ ያወጣና እየሟሟ ይሄዳል። 4:30 ላይ የቪዲዮውን ዋና ነገር ትናገራለች፦ ሁለቱን በፍጹም አትቀላቅሉ። ትክክለኛው ዘዴ የሚጀምረው 6:00 ላይ ነው፦ እኩል ኮምጣጤና ውሃ ማፍላት፣ ማጥፋት፣ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ማቆየት፣ መድፋት፣ ከዚያ ንጹሕ ውሃ አንድ ሁለት ጊዜ አፍልቶ መድፋት። 9:30 ላይ «10 ደቂቃ» የሚባለው ለሳሳ ቅርፊት ብቻ እንደሆነ፣ ለወፈረው ደግሞ ሥራው መደገም እንዳለበት ትገልጻለች። 10:30 ላይ አሲድ አሉሚኒየምን ስለሚበላ የአሉሚኒየም ማንቆርቆሪያ ውስጥ ኮምጣጤ አሳድሮ መተው እንደማይገባ ታስጠነቅቃለች። ሎሚው ኮምጣጤ ላጣ ሰው የቀረበ ምትክ ነው እንጂ ለሽታ ማጥፊያ አልመጣም።

ስለዚህ ማጠቃለያው ቪዲዮው «አታድርጉ» ያለውን «አድርጉ» ብሎ አስተላልፏል ማለት ነው። ስህተቱም እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። በረኪና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የተባለ ንጥረ ነገር በውሃ ተበጥብጦ የተሠራ ነው። ኮምጣጤ ደግሞ አሲድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ ገደማ አሴቲክ አሲድ ይኖረዋል። ሁለቱ ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ጋዙ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ደረት ይጨቁናል፤ መስኮቷ በተዘጋ ጠባብ ማድቤት ወይም መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ሙቀት ሲጨመርበት፣ ለምሳሌ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ሲፈላ፣ ጋዙ ይበልጥ ቶሎ ይወጣል። ምናልባት ማጠቃለያውን አምኖ የቀላቀለ ሰው ካለ ወዲያው ትቶ ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፣ ዓይኑን በብዙ ውሃ ይታጠብ፣ ሳሉ ካልተወው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ዞር ብሎ «ልድፋው» ማለት አያስፈልግም፤ በሩ ተከፍቶ ክፍሉ እስኪናፈስ ይጠበቃል።

እዚህ ላይ ጸሐፊውን «ዋሸ» ማለት ቀላል ነው፣ ግን አልዋሸም። ማጠቃለያው ውስጥ ያሉት ዋና ዋና ቃላት ከርዕሱና ከመግለጫው የመጡ ናቸው። ችግሩ ያለው በቃላቱ መካከል ነው። ርዕሱ «ኮምጣጤ + በረኪና» ሲል መደመሪያ ምልክቱ ጉዳዩን ብቻ ነው የሚጠቁመው፤ አንባቢው ግን እንደ ትእዛዝ ወሰደው። «በ10 ደቂቃ ይለቃል?» የሚለው ጥያቄ ነበር፤ ማጠቃለያው ጥያቄውን ወደ መልስ ቀየረው፣ ያውም ወደ «አዎ»። መግለጫው የዘረዘራቸው አምስት ነገሮች ቪዲዮው ውስጥ የታዩ ዕቃዎች ናቸው፤ አንዱ ለመጠቀም፣ አንዱ ለሙከራ፣ አንዱ «ይህን አትንኩ» ለማለት ቀርቧል። ዝርዝር ግን ይህን ልዩነት አያሳይም፤ በረኪናም ሎሚም በአንድ ነጠላ ሰረዝ ተለይተው ጎን ለጎን ይቆማሉ። የቀረውን ክፍተት ጸሐፊው በራሱ ዕውቀት ሞላው። ሎሚ ሲባል ሽታ፣ ስፖንጅ ሲባል ማሸት ወደ አእምሮው መጣ። ማጠቃለያው ውስጥ በጣም «የተብራራ» የመሰለው ክፍል ከቪዲዮው የመጣ ሳይሆን ከጸሐፊው ጭንቅላት የወጣ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ርዕስ አጭር ስለሆነ ነው» ይላል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ዩቲዩብ ላይ ርዕስ ቢበዛ 100 ፊደል ይይዛል፤ መግለጫው ግን 5,000 ፊደል ድረስ ይችላል። የ12 ደቂቃ ንግግር ሲጻፍ በግምት 1,300 ቃል፣ ማለትም ወደ 8,000 ፊደል ይሆናል። መግለጫው ውስጥ ከንግግሩ ግማሽ በላይ መግባት ይችል ነበር። የማይገባው ቦታ ጠፍቶ ሳይሆን መግለጫው የተጻፈው ለሌላ ሥራ ስለሆነ ነው። ሥራው ቪዲዮው ሲፈለግ እንዲገኝ ማድረግ ነው፤ ስለዚህ ሰው ይፈልጋቸዋል የተባሉ ቃላት ይገቡበታል። በዚያ ላይ ፍለጋ ላይ የሚታዩት የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት መስመሮች ብቻ በመሆናቸው ባለቤቱ ለእነሱ ብቻ ይጨነቃል፤ ከዚያ በታች ያለው ብዙ ጊዜ ለቻናሉ ቪዲዮዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ በራሱ የሚገባ ጽሑፍ ነው። በምሳሌያችን «ለልብስ፣ ለምንጣፍ፣ ለመታጠቢያ ቤት» የሚለው መስመር ስለዚህ ቪዲዮ ምንም አይናገርም። ማጠቃለያ ጸሐፊው ግን «ዘዴው ለመታጠቢያ ቤትም ያገለግላል» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። የርዕሱ ሥራ ደግሞ ማስከፈት ነው። ማስከፈት ማለት መልሱን መደበቅ ነው፤ መልሱ ርዕሱ ላይ ቢኖር ማን ይከፍታል? ስለዚህ በደንብ የተሠራ ርዕስ ለማጠቃለያ የሚፈለገውን ነገር ሆን ብሎ ያስቀራል።

ጊዜውም አንድ አይደለም። ቪዲዮው አንዴ ከተጫነ በዚያው አድራሻ ላይ በሌላ ፋይል መተካት አይቻልም፤ እንደ መቁረጥና ማደብዘዝ ያሉ ጥቂት ለውጦች ብቻ ናቸው የሚቻሉት። ርዕሱና መግለጫው ግን በማንኛውም ቀን ሊቀየሩ ይችላሉ። ቪዲዮው ተመልካች ሲያጣ ርዕሱ ይበልጥ እንዲጮህ ይደረጋል፤ ይዘቱ ግን ያው ነው። ከዚህም ሌላ ስልክ ላይ የሚታየው ርዕስ አንዳንዴ ባለቤቱ የጻፈው ሳይሆን ወደ ተመልካቹ ቋንቋ የተተረጎመ ይሆናል። በትርጉሙ ላይ «ይሠራል ወይ?» «ይሠራል» ቢሆን አንባቢው የሚያውቅበት መንገድ የለም።

ለምሥራቁ ክፍል ደግሞ የራሱ የሆነ ችግር አለ። ድሬዳዋም ሐረርም ሰው በአንድ ንግግር ውስጥ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ወደ ሶማልኛ፣ ሐረር ከሆነ ወደ ሐረሪም ይሻገራል። ርዕሱ ግን ብዙ ተመልካች ይገኝበታል በተባለው በአንዱ ቋንቋ ብቻ ይጻፋል። በምሳሌያችን ባለሙያዋ 4:30 ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ አጠገቧ ለቆመችው እናቷ በኦሮምኛ ተናግራው ቢሆንስ? በአማርኛ ርዕስና መግለጫ ላይ ምልክቱ እንኳ አይኖርም።

እንግዲህ በእጃችሁ የደረሰ ማጠቃለያ ከቪዲዮው የመጣ ይሁን ከርዕሱ እንዴት ይታወቃል? ርዕሱንና መግለጫውን ከማጠቃለያው ጎን አስቀምጡና በማጠቃለያው ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ነገር «ይህ ከየት መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከርዕሱና ከመግለጫው ውጪ አንድም አዲስ ስም፣ መጠን ወይም ሰዓት ከሌለበት ሰውየው ቪዲዮውን አላየውም ማለት ይቻላል። ቪዲዮ ያየ ሰው ያልጠበቀው ነገር ያጋጥመዋል፤ በምሳሌያችን የአሉሚኒየሙ ነገር እንዲህ ያለ ነው፤ ርዕሱን ይዞ ማንም አይገምተውም። አዲስ የመሰለው ነገር ሁሉ ማንም ሰው በአጠቃላይ የሚያውቀው («በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ ማጠብ») ከሆነም ተጠራጠሩ። የሚያስተማምነው ጥያቄ ግን «ስንተኛው ደቂቃ ላይ ነው?» የሚለው ነው። ያየ ሰው በትክክል ባይሆን እንኳ «መሃል ገደማ፣ ከሙከራው በኋላ» ይላል። ያላየ ሰው ይቆጣል ወይም «ቪዲዮው ውስጥ አለ» ይላል።

ማጠቃለያ የምትጽፉት እናንተ ከሆናችሁና ዳታው ካጠራችሁ ሙሉውን ማየት ግዴታ አይደለም። በኮምፒውተርም በስልክም መግለጫው ሲዘረጋ፣ ቪዲዮው የንግግር ጽሑፍ ካለው፣ Show transcript የሚል ቁልፍ ይታያል። ይህ የተነገረውን ከነደቂቃው ያሳያል። የ1,300 ቃል የአማርኛ ጽሑፍ ራሱ 20 ኪሎባይት ገደማ ነው፤ ገጹ ለመከፈት የሚፈጀው ዳታ ይበልጠዋል። ጽሑፉን ስታነቡ ከርዕሱ ዋና ቃል ጀምሩ። እዚህ «በረኪና» የሚለው የተነሣባቸውን ቦታዎች ሁሉ ፈልጉና ከእያንዳንዱ በፊትና በኋላ ያሉትን ሦስት አራት ዓረፍተ ነገሮች አንብቡ። በምሳሌያችን ይህ ብቻ በቂ ነበር፤ ከ2:10 እስከ 5:00 ባለው ውስጥ ነገሩ ሁሉ ይገለጣል።

ጽሑፉ በራሱ የተሠራ ከሆነ ግን በጭፍን አትመኑት። አማርኛ እምቢታን ከግሡ ፊት በምትገባ ትንሽ ድምፅ ነው የሚናገረው፤ «አትቀላቅሉ» ውስጥ የመጀመሪያዋ ድምፅ በጫጫታ ወይም በማንቆርቆሪያ ፉጨት ብትዋጥ ጽሑፉ «ቀላቅሉ» ይላል። ቋንቋ ሲቀላቀል ደግሞ ጽሑፉ ከነጭራሹ ይዘበራረቃል። ስለዚህ ሰው ሊጎዳ የሚችል ቃል ያለበትን ቦታ፣ ማለትም መድኃኒት፣ ኬሚካል፣ ኤሌክትሪክ፣ ገንዘብ የተነሣበትን፣ በጆሮ መስማት የግድ ነው። ደቂቃውን ነክታችሁ ግማሽ ደቂቃ ብታዳምጡ ይበቃል።

የንግግር ጽሑፍ ከሌለ ጥራቱን ወደ 144p ዝቅ አድርጉ። የ12 ደቂቃ ቪዲዮ በዚህ ጥራት ከ10 እስከ 15 ሜጋባይት ያህል ይፈጃል፤ በ720p ግን ከ100 ሜጋባይት ሊያልፍ ይችላል። ፍጥነቱን 1.5 ብታደርጉት ጊዜውም ወደ 8 ደቂቃ ይወርዳል። አንድ ነገር ግን ይጎድላችኋል፤ በ144p የጠርሙስ ጽሑፍና የመለኪያ መስመር አይነበብም። ባለሙያዋ «ይህን ያህል ጨምሩ» ብላ ጣቷን ጽዋው ላይ ስታሳርፍ መጠኑ ያለው በምስሉ ላይ ብቻ ነው፤ በንግግሩም በጽሑፉም የለም። እንዲህ ያለ ቃል ስትሰሙ ቆም ብላችሁ ለዚያች ቅጽበት ጥራቱን ከፍ አድርጉ። «ይህን ያህል»፣ «እንዲህ አድርጋችሁ»፣ «እዚች ጋ» የሚሉት ሁሉ ዓይን የሚፈልጉ ቦታዎች ናቸው።

ከመጀመሪያው አንድ ደቂቃ፣ ከመሃሉ አንድ ደቂቃ፣ ከመጨረሻው አንድ ደቂቃ አይቶ መጻፍም የተለመደ ነው። ከምንም ይሻላል፣ ግን ወሰኑን ማወቅ ያስፈልጋል። በምሳሌያችን መግቢያው ሰላምታ፣ መጨረሻው ምስጋና ነው፤ መሃሉ 6:00 ላይ ኮምጣጤው ሲፈላ ያሳያል፣ ማስጠንቀቂያው ግን አንድ ደቂቃ ተኩል ቀድሞ አልፏል። በዚህ መንገድ የጻፈ ሰው ዘዴውን በትክክል ይነግራችኋል፣ አደጋውን ግን አያነሳም። ከሥር የተሰካውን አስተያየትም ማየት አይከፋም፤ ባለቤቶች ከተጫነ በኋላ የተገኘ ስህተትን ብዙ ጊዜ እዚያ ያርማሉ። ሌሎቹ አስተያየቶች ግን ቪዲዮውን ባላዩ ሰዎች ሊጻፉም ስለሚችሉ ለማስረጃነት አይበቁም።

ርዕስና መግለጫ በቂ የሚሆኑበት ጊዜም አለ። ጥያቄው «ይህ ቪዲዮ ስለ ምንድን ነው? ማን ጫነው? ስንት ደቂቃ ነው? የት ልመድበው?» ከሆነ ሳይከፍቱ መመለስ ይቻላል። መግለጫው ውስጥ ከ0:00 የሚጀምር የደቂቃ ዝርዝር ካለ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ጭምር ማወቅ ይቻላል። በምሳሌያችን «4:30 ለምን መቀላቀል የለባቸውም» የሚል አንዲት መስመር ብትኖር ስህተቱ ሁሉ ይቀር ነበር። ብቻ ጥያቄው «ምን ይላል?» ወይም «ምን ላድርግ?» ሲሆን ርዕስ አይበቃም። ስለ ጉዳዩ መናገርና ጉዳዩን መደገፍ የተለያዩ ናቸው፤ ርዕስ የሚነግረን የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ሌላ የሚዘነጋ ነገር አለ። ማጠቃለያው ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ሲተላለፍ ሊንኩ ይወድቃል። ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራ ሰፈር የተጻፈው ሳቢያን ሰፈር ሲደርስ፣ ከዚያም ሐረር ሲገባ፣ ቪዲዮውን ከፍቶ ማጣራት የሚችል ሰው አይኖርም፤ «ቪዲዮ ላይ አይተው ነው» የሚለው እምነት ግን አብሮ ይጓዛል። ስለዚህ ሊንኩና ያየነው መጠን በማጠቃለያው መጨረሻ ላይ ለብቻቸው ከመቆም ይልቅ በመጀመሪያው መስመር ውስጥ ቢገቡ ይመረጣል፤ ሰው ሲያስተላልፍ የሚቆርጠው ብዙ ጊዜ መጨረሻውን ነው።

ቪዲዮውን ጭራሽ ማየት ካልተቻለና የግድ አንድ ነገር መጻፍ ካለበት፣ ለምሳሌያችን የሚሆነው ጽሑፍ ይህን ያህል ነው፦ «ቪዲዮውን አላየሁትም፤ ርዕሱን ብቻ ነው ያነበብኩት። ርዝመቱ 12 ደቂቃ፣ ጉዳዩ የማንቆርቆሪያ ቅርፊት። ርዕሱ ኮምጣጤና በረኪናን ያነሳል፣ ነገር ግን ቀላቅሉ ይበል አትቀላቅሉ ይበል አላውቅም። ያየ ሰው እስኪነግረን ማንም እንዳይሞክረው።»